ንቅሳትና ጠባሳ በአንድ ብሩሽ ይነሳሉ? የቆዳውን ቀዳዳ ሳናጠፋ ፎቶ ስለማጽዳት

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ በዛ፤ መሃል ላይም ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር በቁጥራቸው ተራ ላውራላችሁ።

መነሻ ሐሳቤ ይሄ ነበር። ከፎቶ ላይ ምልክት አንሱ ስንባል የሁላችንም እጅ ቀጥታ ወደ ፎቶሾፑ Healing Brush ነው የሚሄደው። እኔ ግን ከብሩሹ በፊት ምልክቱን እንየው ነው የምለው። ንቅሳት ቀለም ነው። ቀለሙ የተቀመጠው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ስር ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው ቀዳዳና ስስ መስመር አልተነካም። ቀለሙን ብቻ ካነሳን የሰውዬው የራሱ ቆዳ እዚያው አለ። ጠባሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቆዳው ራሱ ተለውጧል፤ ቀዳዳ የለውም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ አንዳንዴ ጠርዙም ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ቀለሙን ብታስተካክሉ ምንም አይለወጥም፤ ቀዳዳውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው።

ይህን ያነሳሁት እጄ ላይ ባለ ሥራ ምክንያት ነው። እዚህ ደሴ የምሠራበት ፎቶ ቤት አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን ይዛ መጣች። ቀኝ ጉንጯ ላይ በልጅነቷ የተቃጠለችው ጠባሳ አለ፤ አንገቷ ላይ ደግሞ በነጠብጣብ የተደረደረ የድሮ ንቅሳት። ሁለቱም እንዲነሱላት ትፈልጋለች። ፎቶው 50 በ 70 ሳንቲሜትር ታትሞ ሳሎን ይሰቀላል። ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ሠርተውላት ፊቷ እንደ ላስቲክ ሆኖ ስለመጣ እናቷ አላወቅኳትም ብለዋል። ጥያቄዬ ጠባሳውንና ንቅሳቱን እናንተ በምን በምን ታነሳላችሁ የሚል ነበር።

ምላሽ 1 ከኮምቦልቻ ነው። አንዲት እህት ጥያቄውን ስለ እውነተኛ ቆዳ መስሏት ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ የሚያጠፋ ቅባት እንድንነግራት ለመነችን። ምላሽ 2 ላይ አንድ ሰው በትህትና እኛ ፎቶ ብቻ እንደምንነካ ነገራት። ገበያ ላይ በየኮንቴይነሩ የሚሸጠውን ማንጫ ቅባት እንዳትሞክር፣ የቆዳ ሐኪም እንድታይም መከራት። አመስግና ወጣች።

ምላሽ 3 ወደ ጉዳዩ ገባ። ኮምቦልቻ ሰርግ የሚያነሳ ልጅ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። እሱ ፎቶውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ታች ቀለምና ጥላ፣ ላይ ቀዳዳና ስስ ፀጉር። አካሄዱን እንዲህ አስቀመጠው። ፎቶውን ሁለት ጊዜ ዱፕሊኬት ያደርጋል። የታችኛውን ቀዳዳው እስኪጠፋ ድረስ በ Gaussian Blur ያደበዝዘዋል። የላይኛው ላይ ሆኖ Apply Image ይከፍታል፣ የደበዘዘውን ሌየር ይመርጣል፣ ከዚያ Blending ላይ Subtract፣ Scale ላይ 2፣ Offset ላይ 128 ያስገባል። በመጨረሻ የላይኛውን ሌየር ወደ Linear Light ይቀይረዋል። በትክክል ከተሠራ ፎቶው ምንም ያልተነካ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ሥራ ሲጀመር ነው፤ ላይ ስትነካ ቀለሙ አይረበሽም፣ ታች ስትነካ ቀዳዳው አይረበሽም።

ምላሽ 4 ቆጣ ያለ ነበር። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለማን ነው የሚል ነው መንፈሱ። ጥር ላይ ሰርግ ሲደራረብ ጠረጴዛው ላይ የአልበም ክምር እንደሚጠብቀው ነገረን። Spot Healing ይዞ ነካ ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ፣ ደንበኛውም ለስላሳ ፊት እንጂ ቀዳዳ እንደማይጠይቀው ጻፈ። ሰው እየተራበ ስለ ቀዳዳ መከራከር ቅንጦት ነው ብሎም ዘጋው።

ቅሬታው ገብቶኛል። ለብጉር እሱ ያለው ልክ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋ ጤነኛ ቆዳ ነው፣ አንድ ነካ ይበቃታል። ችግሩ ምልክቱ ሲሰፋ ነው። Healing ብሩሹ ቀዳዳውን ከመረጥክለት ቦታ ይወስዳል፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ግን የሚያስማማው ከምትቀባው ቦታ ጠርዝ ጋር ነው። ጠርዙ ንቅሳቱን ከነካ የንቅሳቱን ቀለም ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የተድበሰበሰ ግራጫ እድፍ ይቀራል። አገጭ ስር፣ ፀጉር ጥግ ወይም የቀሚስ አንገትጌ አጠገብም ያው ነው። እዚያ ቦታ መጀመሪያ ቆዳውን ብቻ በሴሌክሽን ማጠር ይረዳል። በአጭሩ ብሩሹ መጥፎ አይደለም፤ የማይሆንበት ቦታ አለው።

ምላሽ 5 አራሚ ነው። ሰላምታም አላበዛም። ምላሽ 3 ላይ የተሰጡት ቁጥሮች ለ 8 ቢት ፋይል ብቻ እንደሆኑ ጻፈ። ከካሜራው ጥሬ ፋይል ተነስቶ በ 16 ቢት የሚሠራ ሰው Add መርጦ Invert ላይ ምልክት ማድረግ፣ Scale 2 እና Offset 0 ማስገባት አለበት። አለዚያ ሁለቱ ሌየሮች ሲደመሩ የመጀመሪያው ፎቶ በትክክል አይመለስም። ባለ ምላሽ 3 እውነት ነው ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ያለ እርማት ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ነው የሚሠራው።

ምላሽ 6 ላይ አንድ ወንድም ሚስጥሩ የብለሩ መጠን ነው፣ ሁሌም 10 ፒክስል አድርጉ፣ ንቅሳቱ ካስቸገራችሁ ደግሞ ከፍ አድርጉት አለ። ግማሹ ልክ ነው። መጠኑ እውነት ወሳኝ ነው፤ ሁሌም የሚሠራ ቁጥር ግን የለም። ፊቱ ፎቶውን ከሞላው 8 ወይም 10 ሊሆን ይችላል። ከእግር እስከ ራስ ለተነሳ ሰው፣ ፊቱ ትንሽ ስለሚሆን 2 ወይም 3 ይበቃል። ቁጥሩን ከማስታወስ በ 100 ፐርሰንት ዙም ጉንጩን ማየት ይሻላል። ቀዳዳው ሲጠፋና የጉንጩ ቅርጽ ሳይጠፋ ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጉት የጉንጩ ጥላ ራሱ ወደ ቀዳዳው ሌየር ይወጣል። ያኔ ከአንድ ቦታ ቀዳዳ ስትገለብጥ ጥላውም አብሮ ይመጣል፤ መክፈሉም ትርጉም ያጣል።

ምላሽ 7 የእኔው ነው። የሙሽራዋን ሥራ እንዴት እንደሄድኩበት ጻፍኩ።

ከንቅሳቱ ጀመርኩ። ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ ያረጀ ቀለም ነው። ቀለም ሲያረጅ ቆዳ ውስጥ ስለሚሰራጭ የነጠብጣቡ ጠርዝ ለስልሷል፤ ይሄ ሥራውን ያቀላል። ምንም አልገለበጥኩም። አዲስ ባዶ ሌየር ከፍቼ ሁነታውን Color አደረግኩ፣ ከነጠብጣቡ አጠገብ ካለው ቆዳ ቀለም ወስጄ በስሱ ቀባሁበት። ሰማያዊው ወደ ጠይም ተመለሰ፤ ጨለማው ግን አለ። ለጨለማው Curves ሌየር ጨምሬ አበራሁት፣ ማስኩን ጥቁር አደረግኩና ነጠብጣቡ ላይ ብቻ በነጭ ብሩሽ ከፈትኩት። የብሩሹ ጠርዝ ከነጠብጣቡ ጠርዝ እኩል መለስለስ አለበት። በጣም ከለሰለሰ ከቀለሙ ውጭ ያለውን ቆዳ አብሮ ያበራና የነጣ ቀለበት ይተዋል። በጣም ከጠነከረ ጠቆር ያለ ቀለበት ይቀራል። ቀለበት ካያችሁ ጥፋቱ ማስኩ ላይ ነው፤ ቀለም አትጨምሩ። ሲያልቅ የአንገቷ ስስ አግድም መስመሮች በሙሉ ነበሩ። የራሷ ናቸው።

ጠባሳውን ግን በምላሽ 3 መንገድ ነው የሠራሁት። ቀዳዳው ሌየር ላይ Clone Stamp ያዝኩ፣ Sample የሚለውን Current Layer አደረግኩ። ቀዳዳ የወሰድኩት ከዚያው ጉንጭ ነው። እዚህ ጋር መቸኮል አይገባም። የፊት ቀዳዳ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም፤ አፍንጫ አጠገብ ሰፋ ይላል፣ ወደ ጆሮ ሲሄድ እየደቀቀ ይመጣል። ጠባሳው በሁለቱ መሃል የተዘረጋ ስለነበር የአፍንጫውን በኩል ከአፍንጫው ወገን፣ የጆሮውን በኩል ከጆሮው ወገን ሞላሁት። አጭር አጭር እየነካሁ የምወስድበትን ቦታ ቶሎ ቶሎ ቀየርኩ። ከአንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከወሰዳችሁ ያው የቀዳዳ ክምችት ሁለትና ሦስት ቦታ ይታያል፤ ዓይን ያንን ወዲያው ይይዘዋል። Opacity ደግሞ 100 ነው የሚሆነው። በግማሽ ከተቀባ ሁለት ቀዳዳ ተደራርቦ ይደበዝዛል፤ ላስቲክ የሚባለው ፊት አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

ከዚያ ወደ ታችኛው ሌየር ወረድኩ። የጠባሳው ጠርዝ ከፍ ስለሚል አንድ ወገኑ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ጥላ አለው። በ Lasso ከቦ፣ Feather ሰጥቶ፣ ያንን ቦታ ብቻ በብለር ማለስለስ ነው። ጥላው ሲጠፋ ማቆም፤ ከዚያ ካለፈ ጉንጩ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ምላሽ 8 የጻፉት አንድ አባት ናቸው። ዲጂታል ሳይመጣ በፊት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ጋሼ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም እንደማያውቁ ተናግረው ስለ ኔጋቲቩ አጫወቱን። ያኔ ሪታች የሚደረገው በደንብ በተቀረጸ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ፣ የታተመው ፎቶ ላይ ደግሞ በቀጭን ብሩሽ ነበር። አለቃቸው መስመር እንዳይስሉ ይከለክሏቸው ነበር፤ ነጥብ ብቻ፣ ነጥብ አጠገብ ነጥብ። መስመር ከተሳለ ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ያጋልጣል። የሰው ቆዳ ነጥብ እንጂ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እንዳልሆነ ያኔም ያውቁ እንደነበር ጻፉልን። ብዙ ሰው እድሜ ይስጥልን አላቸው። እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ። ባለ ምላሽ 4 እንኳ ለስለስ ብሎ ጋሼ የት ፎቶ ቤት እንደነበሩ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ስለ ድሮው ፒያሳ ማውራት ጀመሩና ትንሽ ከርእስ ወጣን።

ምላሽ 9 መለሰን። ዘዴው ብልህ ይመስላል። ቀኝ ጉንጭ ላይ ጠባሳ ካለ ግራው ጤነኛ ነው፤ ግራውን ቀድቶ እንደ መስታወት አዙሮ ቀኙ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ቀዳዳውም በልኩ ይገጥማል የሚል ነው። ቀዳዳው በመጠን እውነት ይገጥማል። ምላሽ 10 ላይ ግን ባለ ምላሽ 5 ተመልሶ መጣና ብርሃኑን ረስተሃል አለው፣ ጠንከር ባለ ቃል። መብራቱ ከግራ ከሆነ እያንዳንዷ ቀዳዳ ጥላዋን የምትይዘው በአንድ ወገን ነው። ጉንጩ ሲዞር ጥላው በተቃራኒው ይሆናል። ያኔ ጎድጎድ ያለው ቀዳዳ ያበጠ ይመስላል፤ ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ፊቱ ደስ አይለውም። ብርሃኑ ፊት ለፊትና ለስላሳ ከሆነ ግን ዘዴው ያስኬዳል። ባለ ምላሽ 9 የሰደበው መስሎት ተቀየመ። ነጥቡ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ባይሆን ጥሩ ነበር።

ምላሽ 11 ያላሰብነውን አመጣ። አንዲት ኤዲተር ናት። በምትሠራበት ቦታ የአንዲት ሕፃን ፎቶ ላይ ከንፈሯ አጠገብ ያለውን ጥቁር ነጥብ ቆሻሻ መስሎ ያጸዱታል። አያቷ መጥተው ፎቶውን ሲያዩ ተቆጡ። ማርያም የሳመቻትን ማን አጥፋ አላችሁ ብለው ገንዘባቸውን አስመለሱ። ከዚያ ወዲህ ደንቧ ግልጽ ነው። ብጉር፣ የወባ ትንኝ ንክሻ፣ የመላጨት ቁስል የመሰለ በሳምንት የሚድን ነገር ሳይጠየቅ ይነሳል። ከሰውየው ጋር የሚኖር ነገር ሳይጠየቅ አይነካም። ይሄንን ደንብ እኔም ወስጃለሁ።

ምላሽ 12 ከዚሁ ተነስቶ ወደ እኔ ዞረ። ንቅሳት የእናቶቻችን ጌጥ ነው፤ አንገቷ ላይ ያለውን ማጥፋት አገሬውን ማሳፈር ነው አለኝ። ክፉኛ ነበር የጻፈው። ምላሽ 13 ላይ አንዲት እህት መለሰችለት። አንገቱ የሷ ነው፤ ስትነቀስ ሕፃን ስለነበረች ማንም አልጠየቃትም፣ አሁን ፎቶዋ ላይ መጠየቋ መብቷ ነው የሚል ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተመላለሱ፤ አልተስማሙም። እኔ የደንበኛዋን ቃል ነው የፈጸምኩት። ግን የሱም ስሜት የማይገባኝ አይደለም፤ የወሎ እናቶችን ፎቶ ሳስተካክል ሳልጠየቅ ንቅሳት ነክቼ አላውቅም። ዋናውን ፋይል ሳይነካ አስቀምጫለሁ፣ የሠራሁትም በተለየ ሌየር ስለሆነ ነገ ሐሳቧን ብትቀይር ንቅሳቱን በአንድ ክሊክ መመለስ ይቻላል።

ምላሽ 14 ተማሪ ነው፤ ፎቶሾፕ መግዛት አይችልም። ጂምፕን በነፃ ማውረድ እንደሚቻል፣ ከ 2.10 ወዲህ Wavelet Decompose የሚባል ነገር ውስጡ እንዳለ ባለ ምላሽ 3 ነገረው። ፎቶውን ለሁለት ሳይሆን ከደቃቁ ወደ ሰፊው በደረጃ በደረጃ ይከፍለዋል። ቀዳዳው ደቃቆቹ ሌየሮች ላይ ይገኛል፣ ቀለሙ መጨረሻ በሚቀረው ላይ። ልጁ ሞክሮ ተመልሶ መጣና ሠራልኝ አለ። ግን የላከው ናሙና ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር አልነበረም።

ምክንያቱን ምላሽ 15 አገኘው። ፎቶው የተነሳው የስልኩ ማስዋቢያ በርቶ ነው፤ ከዚያም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኳል። ማስዋቢያው ቀዳዳውን ገና ሲነሳ ይፍቀዋል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን ያሳንስና ይጨምቀዋል፤ የተረፈውም ወደ አራት ማዕዘን እድፍ ይቀየራል። ከሌለ ነገር ማትረፍ አይቻልም። እንዲህ ያለ ፎቶ ከመጣ ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነው። ምልክቱን አንስቶ 50 ፐርሰንት ግራጫ ሌየር ላይ Add Noise ጨምሮ በ Overlay ማልበስ ይቻላል። ያ የቆዳ ቀዳዳ አይደለም፤ የተነካው ቦታ ከሌላው ተለይቶ እንዳይታይ ብቻ ያደርጋል።

ምላሽ 16 ጥሩ ጥያቄ ነበረው፤ መልሱ ግን እስካሁን አልተገኘም። የወንድሙ ክንድ ላይ አዲስ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተሳለ ትልቅ ታቱ አለ። የእኔን የ Color እና Curves መንገድ ሞክሮ አልሆነለትም። ሁለት ነገር ነው የሚያጋጥመው። አንደኛ ቦታው በጣም ስለጨለመ ሲበራ ከቀዳዳው ይልቅ የካሜራው ኖይዝ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ ጠርዙ የተሳለ ስለሆነ ሌየሩ ሲከፈል መስመሩ ቀዳዳው ጋር ላይ ይቀራል፤ ቀለሙን ከታች ብታጠፋውም የታቱው ቅርጽ በቀጭን ክር ተስሎ ይታያል። ባለ ምላሽ 3 ክሩን ብቻ በ Clone Stamp ማጽዳት ይበቃል ይላል። ባለ ምላሽ 5 የለም፣ ለእንዲህ ያለው ሙሉውን ቆዳ ከሌላው ክንድ ማምጣት ይሻላል ባይ ነው። እኔ ወደ ባለ ምላሽ 3 አደላለሁ፤ ግን ፋይሉን ሳላይ አልወራረድም።

የሙሽራዋን ሥራ አስቀድሜ ትንሽ ቁራጭ አሳትሜ ነው ያየሁት። ጉንጩንና አንገቱን ብቻ ቆርጬ በትልቁ ፎቶ ልክ አሳተምኩ። ስክሪን ላይ ያላየሁት አንድ ነገር ወጣ፤ ጠባሳው የነበረበት ቦታ ከአጠገቡ በጥቂቱ ቀላ ብሏል። ታችኛው ሌየር ላይ ቀለሙን አስተካክዬ ነው ሙሉውን የላክሁት። ለማተም የምትሠሩ ሰዎች ይህን ቁራጭ አትዝለሉ።

ባለ ምላሽ 16፣ የወንድምህን ፎቶ ላክልንና አብረን እንሞክረው። ስትልክ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን File ብለህ ላከው፤ ካለህ ደግሞ የካሜራውን ጥሬ ፋይል።